ፕሮግራመሩ እንዳይገምት፦ ኢኮኖማይዘር ላለው ኤኤችዩ የአሠራር ቅደም ተከተል አጻጻፍ

ባሕር ዳር ውስጥ ለአንድ የስብሰባ አዳራሽ ኤኤችዩ፣ አየሩን አቀዝቅዞ ለሚገፋው ማሽን፣ የመጀመሪያዬን የአሠራር ቅደም ተከተል ስጽፍ «ማሽኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሠራል» አልኩ። ለእኔ ከዚህ በላይ ግልጽ ነገር የለም። ጽሑፉ ተተርጉሞ ውጭ አገር ለተቀመጠ ፕሮግራመር ተላከ። እሱም እንዳነበበው 02:00 እና 12:00 ብሎ አስገባው። ማራገቢያው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ይነሳል። ቀትር ላይ፣ ሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ ቀጥ ይላል። ሦስት ቀን ሙሉ «የመብራት ችግር ነው» እያልን ገመድ ስንፈትሽ ቆየን።

ጥፋቱ የፕሮግራመሩ አልነበረም። የጻፍኩትን ነው የሠራው። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው፦ ባሕር ዳርን አይቶ የማያውቅ፣ እኔን ደውሎ ሊያገኘኝ የማይችል ሰው ይህን አንብቦ ስንት ነገር መገመት ይኖርበታል? መልሱ ከዜሮ በላይ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም።

ከዚህ በታች ያንኑ አዳራሽ ይዤ፣ ሰነዱን ዛሬ ብጽፈው እንዴት እንደምጽፈው ላሳይ።

መጀመሪያ ማሽኑን ግለጽ

አዳራሹ 250 ካሬ ሜትር ነው፤ 200 ሰው ይይዛል። የሚያገለግለው አንድ ኤኤችዩ ነው። ማራገቢያው 2400 ሊትር አየር በሰከንድ ይገፋል፣ ፍጥነቱም አይቀያየርም። አንድ የቀዝቃዛ ውሃ ኮይል አለው፤ የማሞቂያ ኮይል የለውም። የውጭ አየር ዳምፐሩ፣ የመልስ አየር ዳምፐሩና የማስወጫ ዳምፐሩ አንድ ትእዛዝ ነው የሚቀበሉት። የውጩ ሲከፈት የመልሱ ይዘጋል።

ይህን አንድ አንቀጽ ሳትጽፍ ወደ ትእዛዙ አትግባ። ፕሮግራመሩ ማሞቂያ እንደሌለ ካላወቀ፣ ከሌላ ፕሮጀክት የቀዳውን የማሞቂያ ፕሮግራም እዚያው ሊተወው ይችላል። ያ ፕሮግራም የሌለ ቫልቭ ሲያዝ ይኖራል።

ቀጥሎ ስም አውጣ። እያንዳንዱ ሴንሰርና ትእዛዝ አንድ ስም ይኑረው፤ በሰነዱ ውስጥም ያው ስም ብቻ ይደጋገም። እኔ እነዚህን እጠቀማለሁ፦

```
OAT   የውጭ አየር ሙቀት
RAT   የመልስ አየር ሙቀት
MAT   የተቀላቀለ አየር ሙቀት
SAT   ወደ አዳራሹ የሚገባ አየር ሙቀት
ZNT   የአዳራሹ ሙቀት
SF_C  የማራገቢያ ትእዛዝ
SF_S  ማራገቢያው መዞሩን የሚያሳይ
OAD   የዳምፐር ትእዛዝ፣ 0-100 %
CHWV  የቀዝቃዛ ውሃ ቫልቭ፣ 0-100 %
```

አንዴ «የውጭ ሙቀት»፣ ሌላ ጊዜ «የአካባቢ ሙቀት» ካልክ ፕሮግራመሩ ሁለት ሴንሰር ሊፈልግ ይችላል። ቅኔ እየተቀኘን አይደለም፤ መደጋገም እዚህ ጥሩ ነገር ነው።

ሰዓትና ወር በኮንትሮለሩ አቆጣጠር

ሰዓቱን 08:00 እስከ 18:00 ብለህ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ጻፈው። ወሩም እንደዚያው ነው። ኮንትሮለሩ ሰኔን አያውቅም። በኋላ እንደምታየው ክረምትን መለየት ያስፈልገናል። ስለዚህ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 25 ለማለት 06-08 እስከ 10-05 ብዬ እጽፋለሁ። በአንዳንድ ዓመት አንድ ቀን ቢዛነፍ ማንንም አይጎዳም።

አነስተኛው የውጭ አየር፦ ቁጥሩንና የሚለካበትን መንገድ ጻፍ

በአሽሬ 62.1 የአየር ማናፈሻ መስፈርት መሠረት ለስብሰባ ክፍል በሰው 2.5 ሊትር፣ በካሬ ሜትር ደግሞ 0.3 ሊትር በሰከንድ ንጹሕ አየር ያስፈልጋል። ለእኛ አዳራሽ 500 ሲደመር 75፣ ማለትም 575 ሊትር በሰከንድ ይሆናል። ከ2400 አንጻር 24 በመቶ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «የዳምፐሩ ዝቅተኛ ቦታ 24 በመቶ ይሁን» ብሎ ይጽፋል። የዳምፐር መክፈቻ 24 በመቶ ሆነ ማለት አየሩ 24 በመቶ ሆነ ማለት አይደለም። ብዙ ዳምፐሮች ገና ትንሽ ሲከፈቱ ብዙ አየር ያስገባሉ። ስለዚህ በሰነዱ ላይ የምጽፈው «`MIN` ማለት 575 ሊትር በሰከንድ የሚያስገባ ቦታ ነው፤ ቁጥሩ በሥራ ማስጀመሪያ ቀን ተለክቶ ይገባል» ብዬ ነው። ፕሮግራመሩም `MIN`ን ከስክሪን ላይ ሊቀየር የሚችል ቁጥር አድርጎ ያስቀምጠዋል።

መለኪያው ይህ ነው፦

```
OA% = (RAT - MAT) / (RAT - OAT) * 100
```

በእኛ አዳራሽ አንድ የጥር ማለዳ ላይ ለካን። `RAT` 23 ነበር፣ `OAT` 11። ዳምፐሩን 24 በመቶ ላይ ስናቆመው `MAT` 18.4 አሳየ። 4.6 ለ12 ሲካፈል 38 በመቶ ነው። ከሚያስፈልገን በላይ ብዙ የውጭ አየር እየገባ ነበር ማለት ነው። እያወረድን 15 በመቶ ላይ ስንደርስ `MAT` 20.1 ሆነ። 2.9 ለ12፣ 24 በመቶ። `MIN` 15 ሆነ።

ማለዳ መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም። ቀትር ላይ ውጭው 26፣ መልሱ 24 ቢሆን ልዩነቱ 2 ዲግሪ ብቻ ነው። ሴንሰርህ ግማሽ ዲግሪ ቢሳሳት ስሌቱ ገደል ገባ። ልዩነቱ 10 ዲግሪ አካባቢ ካልሆነ አትለካ። ባሕር ዳር ላይ ይህ የሚገኘው በበጋ ማለዳ ነው። ተቋራጩ በነሐሴ ርክክብ ካለህ፣ ይህ ልኬት እስከ ኅዳር ይቆይ ብለህ ሰነዱ ላይ ጻፍ። `MAT` ደግሞ በኮይሉ ፊት ተዘርግቶ አማካዩን የሚለካ ሴንሰር ይሁን። አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚለካ ከሆነ ቀዝቃዛው አየር በአንድ በኩል፣ ሞቃቱ በሌላ በኩል ያልፍና የትኛውን እንዳነበበ አታውቅም።

የአየሩ ሙቀት ዒላማ

`SAT` ስንት ይሁን? በአዳራሹ ሙቀት ይወሰናል። `ZNT` 22 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ዒላማው 20 ነው። `ZNT` 24 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን 14 ነው። በመካከል ቀጥ ባለ መስመር ይሄዳል፤ 23 ላይ 17 ይሆናል ማለት ነው።

ከባሕር ጠለል አካባቢ የመጣ ሰነድ ብትቀዳ ግን ዝቅተኛው 16 ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ። ባሕር ዳር ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀላል። ማራገቢያው ያንኑ 2400 ሊትር ይገፋል፤ ሊትሩ ግን የሚሸከመው ቅዝቃዜ ያነሰ ነው። በ8 ዲግሪ ልዩነት ባሕር ጠለል ላይ 23 ኪሎዋት ያህል የሚያነሳ አየር እዚህ 19 አካባቢ ብቻ ያነሳል። ያንን ለማካካስ ነው ወደ 14 የወረድኩት። ደብረ ማርቆስ ከሆነ ሥራህ፣ ከተማዋ ከዚህም ከፍ ስለምትል ጉድለቱ ይብሳል።

ዋናው ነገር፦ አንድ ሉፕ፣ ሁለት መሣሪያ

ኢኮኖማይዘር ማለት በአጭሩ ውጭው ቀዝቃዛ ሲሆን ውሃውን የሚያቀዘቅዘውን ቺለር ትተህ መስኮት መክፈት ነው። ችግሩ የሚመጣው ዳምፐሩና ቫልቩ ለየብቻ የራሳቸው ሉፕ ሲኖራቸው ነው። አንዱ ያቀዘቅዛል፣ ሌላው አየሩ መቀዝቀዙን አይቶ ይዘጋል፣ ከዚያ ደግሞ ይገለበጣል። ግራፉን ብታይ እንደ እስክስታ ትከሻ ነው። በላዩ ላይ ቺለሩ ያለ ሥራው ይሠራል።

መፍትሔው አንድ ሉፕ ብቻ መጻፍ ነው። ሉፑ `SAT`ን ከዒላማው ጋር እያነጻጸረ ከ0 እስከ 100 የሚሄድ `CLG` የሚባል ምልክት ያወጣል። የመጀመሪያው ግማሽ ዳምፐሩን፣ ሁለተኛው ግማሽ ቫልቩን ያዛል። `ECO_OK` እውነት ሲሆን ኢኮኖማይዘሩ ተፈቅዷል ማለት ነው፤ መቼ እንደሚፈቀድ በሚቀጥለው ክፍል እናያለን።

```
IF ECO_OK THEN
   OAD = SCALE(CLG, 0, 50, MIN, 100)
ELSE
   OAD = MIN
ENDIF
CHWV = SCALE(CLG, 50, 100, 0, 100)
```

`SCALE` አንዱን የቁጥር ክልል ቀጥ ባለ መስመር ወደ ሌላው ይቀይራል፤ ከክልሉ ውጭ ሲሆን ዳር ላይ ይቆማል ብለህ ጨምርበት። አለበለዚያ `CLG` 20 ሲሆን ቫልቩ ከዜሮ በታች የሆነ ትእዛዝ ይደርሰዋል። `CLG` 80 ሲሆን ዳምፐሩ 100 ላይ እንደቆመ ቫልቩ ሲከፈት ታያለህ። ይህም ትክክል ነው፤ የውጭው አየር ብቻውን ባይበቃም ሸክም ያቀልላል። ቫልቩ ሲከፈት ዳምፐሩን ወዲያው ወደ `MIN` የሚመልስ ፕሮግራም ብዙ አይቻለሁ። ከቁጠባው ትልቅ ድርሻ የሚጥል ስህተት ነው።

አንድ ጥግ ይቀራል። ኢኮኖማይዘሩ በተከለከለበት የሚያዝያ ከሰዓት ማሽኑ ቢነሳ፣ `CLG` ከ0 እስከ 50 ሲጓዝ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም። ሉፑ ዝግ ያለ ከሆነ ለደቂቃዎች ሰው ይልበዋል። ስለዚህ «ሉፑ ሲጀምር `ECO_OK` ሐሰት ከሆነ `CLG` ከ50 ይነሳል፤ እውነት ከሆነ ከ0 ይነሳል» ብለህ ጻፍ። «ማራገቢያው በማይዞርበት ጊዜ ሉፑ ይቁም፣ `CLG` ዜሮ ይሁን» የሚለውንም አትርሳ። አለበለዚያ ሌሊቱን ሙሉ ስህተት ሲያጠራቅም ያድርና ጠዋት ቫልቩን ወለል አድርጎ ይከፍታል።

የሉፑን የማስተካከያ ቁጥሮች እኔ አልጽፍም። እነሱ የፕሮግራመሩ ሙያ ናቸው። የምጽፈው ውጤቱን ነው፦ «ዒላማው በ2 ዲግሪ ሲቀየር `SAT` በ10 ደቂቃ ውስጥ በ1 ዲግሪ ልዩነት ውስጥ ይረጋጋ።»

«አየሩ ተስማሚ ሲሆን» አትበል

በመጀመሪያው ሰነዴ «የውጭው አየር ተስማሚ ሲሆን ኢኮኖማይዘሩ ይሠራል» ብዬም ነበር። አዲስ አበባ ያለ ሌላ ፕሮግራመር ሲያነበው ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ተስማሚ ለማን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በበጋ ቀላል ነው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሙቀቱን ብቻ ማየት ይበቃል። ወሰኑን 23 አድርጌዋለሁ። ክረምት ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ውጭው 21 ዲግሪ ሆኖ ከዝናብ በኋላ እርጥበቱ 85 በመቶ ቢሆን፣ ቴርሞሜትሩ «ቀዝቃዛ ነው» ይላል። አየሩ የተሸከመው እርጥበት ሲቆጠር ግን አዳራሹ ውስጥ ካለው 24 ዲግሪ፣ 50 በመቶ አየር የበለጠ ሙቀት አለው። እሱን ካስገባህ ኮይሉ ውሃውን ሲጨምቅ ይውላል። በእኔ ስሌት ሁለቱ የሚስተካከሉት ውጭው 18 አካባቢ ሲሆን ነው። ስለዚህ የክረምቱ ወሰን 18 ነው።

«ለምን የእርጥበት ሴንሰር አትጨምርም?» የሚል ይኖራል። መጨመር ይቻላል። ነገር ግን የእርጥበት ሴንሰር በጊዜ ብዛት ይዛነፋል፣ በየጊዜው የሚያስተካክለው ሰው ይፈልጋል። ተዘጋጅቶ የሚመጣው፣ ሙቀትንና እርጥበትን አብሮ የሚያሰላው የኤንታልፒ መቆጣጠሪያም ለባሕር ጠለል የተሠላ ሊሆን ይችላል። የሚንከባከበው ሰው ከሌለ ሁለት ቁጥርና አንድ ካላንደር ይሻላል።

ሰነዱ ላይ እንዲህ ይገባል፦ «`LIMIT` ከ06-08 እስከ 10-05 18 ነው፤ በሌላው ጊዜ 23 ነው። `OAT` ከ`LIMIT` በላይ ሲሆን `ECO_OK` ሐሰት ይሆናል። `OAT` ከ`LIMIT` በ1 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ለ10 ደቂቃ ከቆየ እንደገና እውነት ይሆናል። በሁለቱም አቅጣጫ `OAD` ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሙሉውን አይጓዝም።» ያቺ 1 ዲግሪና 10 ደቂቃ ባትኖር፣ ደመና ባለፈ ቁጥር ዳምፐሩ ሲከፈት ሲዘጋ ይውልና ሞተሩ ዕድሜው ያጥራል።

ስለ `OAT` ሴንሰር አንድ ነገር። የፈረንጅ መመሪያ «ሰሜን ግድግዳ ላይ ስቀለው፣ ፀሐይ አያገኘውም» ይላል። ባሕር ዳር ላይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ የቀትር ፀሐይ ያለችው በሰሜን በኩል ነው። ሴንሰሩ ፀሐይ ሲመታው ከእውነቱ በላይ ያነባል፣ ኢኮኖማይዘሩም ያለ ምክንያት ይዘጋል። የትኛውም ግድግዳ ላይ ቢሆን ጥላ ያለው መከለያ ይሠራለት።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ

ይህን ክፍል ከውጭ በመጡ ሰነዶች ውስጥ ሁለት መስመር ሆኖ ታገኘዋለህ። እኛ ጋ ግን አንድ ገጽ ይገባዋል። መብራት ይጠፋል፣ ጀነሬተር ይነሳል፣ ትንሽ ቆይቶ መብራት ይመጣል፣ እንደገና ይቀያየራል። ማሽኑ ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለት ጊዜ ሊነሳ ነው።

የምጽፈው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ኃይል ሲመለስ `SF_C` ጠፍቶ፣ `OAD` 0፣ `CHWV` 0 ሆነው 60 ሰከንድ ይጠበቃል። በዚህ መካከል ኃይሉ እንደገና ከተቋረጠ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ከ60 ሰከንድ በኋላ የሥራ ሰዓት ከሆነ ማራገቢያው ይነሳል። `SF_S` በ30 ሰከንድ ውስጥ ካልመጣ ማራገቢያው ይጠፋል፣ ማንቂያ ይወጣል፣ ሰው መጥቶ እስኪያጸድቀው ድረስ በራሱ አይነሳም። `SF_S` ከመጣ ዳምፐሩ ወደ `MIN` ይሄዳል። ከ120 ሰከንድ በኋላ ሉፑ ሥራ ይጀምራል።

የዳምፐሩን ሞተር ዓይነትም ጻፍ። ስፕሪንግ ያለው ኃይል ሲጠፋ በራሱ ይዘጋል። ስፕሪንግ የሌለው ባለበት ይቀራል፤ መብራት እስኪመጣ ድረስም የጥር ሌሊት ብርድና አቧራ በሰፊው ይገባል።

ለእሳት ማንቂያው በዚህ ፕሮግራም ላይ አትደገፍ። ማራገቢያውን በቀጥታ በሽቦ ያቁመው፤ ፕሮግራሙ ማወቅ ብቻ ነው ያለበት።

ሴንሰር ሲበላሽ

ለእያንዳንዱ ሴንሰር «ከጠፋስ?» ብለህ መልስ ስጥ። `OAT` ከ-5 እስከ 50 ውጭ ካነበበ ወይም ከተቋረጠ፣ `ECO_OK` ሐሰት ይሆናል፤ ማሽኑ መሥራቱን ይቀጥላል። `SAT` ከጠፋ `OAD` `MIN` ላይ፣ `CHWV` 0 ላይ ይቆማል። `ZNT` ከጠፋ የ`SAT` ዒላማ 17 ላይ ይረጋል። `MAT` ከጠፋ ማንቂያ ብቻ ይወጣል፣ ምክንያቱም በሱ የምናዘው ነገር የለም።

`MAT` ሥራው ሌላ ነው፤ ሰላይ ነው። የዳምፐር ዘንግ ላልቶ ሞተሩ ብቻውን ሲዞር ስክሪኑ «100 በመቶ» ይላል፣ ዳምፐሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ቺለሩ ስለሚሸፍነው ማንም አያማርርም። ስለዚህ፦ «`OAD` 95 እና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በ`RAT` እና `OAT` መካከል ከ5 ዲግሪ በላይ ልዩነት እያለ፣ `MAT` ከ`OAT` በ3 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ከራቀ፣ ማንቂያ ይውጣ።»

በአንድ የጥር ቀን ሞክረው

ሰነዱን ከመላክህ በፊት ወረቀት ላይ አንድ ቀን አስኪደው። 09:00 ላይ `OAT` 14፣ `RAT` እና `ZNT` 23 ናቸው እንበል። ዒላማው 17 ነው። ማራገቢያው ራሱ አየሩን 1 ዲግሪ ያሞቃል ብለን ከያዝን፣ የተቀላቀለው አየር 16 መሆን አለበት። 7 ለ9፣ ማለትም 78 በመቶ የውጭ አየር ያስፈልጋል። ቫልቩ ዝግ ነው፣ ቺለሩም አያስፈልግም። ከሰነድህ ይህ ካልወጣ የሆነ ነገር ጎድሏል።

12:00 ላይ `OAT` 22 ደረሰ። ዳምፐሩ 100፣ ቫልቩ በከፊል ክፍት። 14:00 ላይ `OAT` 26፣ `RAT` 24። ወሰኑ ታልፏል፣ ዳምፐሩ ቀስ ብሎ ወደ `MIN` ይመለሳል፣ የተቀላቀለው አየር 24.5 አካባቢ ይሆናል፣ ቀሪውን ቫልቩ ይሸከማል።

ሰነዱ ላይም እነዚህን ሦስት ሁኔታዎች «የርክክብ ሙከራ» ብዬ ከነሚጠበቀው ውጤት አያይዛቸዋለሁ። ፕሮግራመሩ `OAT`ን በእጁ 14፣ 22፣ 26 እያደረገ ያሳየኛል። አራተኛ፣ የ`OAT` ሴንሰሩን ሽቦ ይነቅላል። አምስተኛውን እኔ ራሴ አደርገዋለሁ፦ ዋናውን ብሬከር አውርጄ፣ 20 ሰከንድ ቆይቼ እመልሰዋለሁ፣ 30 ሰከንድ ላይ ደግሜ አውርጄ እመልሰዋለሁ፣ ከዚያ ስልኬን ይዤ ማራገቢያው ከመጨረሻው መብራት በኋላ 60 ሰከንዱን መጠበቁን እቆጥራለሁ።